ምዕራፍ ሰባት፦ ቀስቱ የት ነው የተጻፈው?

ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት የደንበኛን ትእዛዝ እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚያሳይ ትንሽ ዲያግራም እንውሰድ። ስድስት ሳጥኖች አሉት፦ ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚከፍተው መተግበሪያ፣ ትእዛዝ ተቀባዩ ክፍል፣ ክፍያ፣ ባንክ፣ የዕቃ ክምችት እና ማድረስ። ወረቀት ላይ ለመሣል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ የሚጀምረው ይህ ሥዕል ከፕሮግራሙ ኮድ ጎን ተቀምጦ ለዓመታት ሲኖር፣ አራት አምስት ሰው ሲነካካውና በየወሩ ሲለወጥ ነው።

ሥዕሉን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይቻላል። ለዚህ ሥራ ዛሬ በብዛት የሚታየው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው መርሜይድ ነው። ጊትሀብ በ2022 መጀመሪያ ላይ የመርሜይድን ጽሑፍ እያነበበ በቀጥታ ሥዕል አድርጎ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ተጠቃሚው በጣም ሰፍቷል። የእኛ ዲያግራም በመርሜይድ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
flowchart LR
  app["መተግበሪያ"] --> order["ትእዛዝ"]
  order --> pay["ክፍያ"]
  pay --> bank["ባንክ"]
  order --> stock["ክምችት"]
  stock --> ship["ማድረስ"]
```

ይኸው ዲያግራም በማውዝ እየተጎተተ በሚሣልበት፣ ድሮው አይኦ በተባለው ፕሮግራም ከተሠራ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሳጥን እንዲህ ያለ ነገር ይቀመጣል፦

```
<mxCell id="7" value="ክፍያ" style="rounded=1;" vertex="1" parent="1">
  <mxGeometry x="320" y="140" width="120" height="60" as="geometry"/>
</mxCell>
```

ሁለቱን አስተያዩ። በመጀመሪያው ውስጥ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ የሚናገር ቃል የለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ነው የተጻፈው። ቦታውን በየጊዜው የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ቦታው ራሱ በቁጥር ተመዝግቧል፦ ከግራ 320፣ ከላይ 140። ቀስቱ ሌላ መስመር ላይ፣ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል። ከዚህ በታች የማነሣው ጥቅምና ጉዳት ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ ለውጥን ለመከታተል ምን ያህል እንደሚመች እንይ። ጊት ፋይልን የሚያነጻጽረው መስመር በመስመር ነው። በመርሜይድ ፋይል ላይ ከክፍያ ወደ ስልክ መልእክት የሚሄድ አንድ ቀስት ብንጨምር፣ ጊት የሚያሳየው አንድ አዲስ መስመር ብቻ ነው። ለውጡን የሚገመግመው ሰው ሥዕሉን ሳይከፍት እንኳ ምን እንደተጨመረ ያነባል። ከሦስት ዓመት በኋላም `git blame` ብሎ ያ ቀስት መቼ፣ በማን፣ ከየትኛው የኮድ ለውጥ ጋር እንደገባ ማየት ይችላል።

የድሮው አይኦ ፋይልም በመሠረቱ ጽሑፍ ነው፤ ይሁንና ሁለት እንቅፋት አለበት። የመጀመሪያው መጨመቅ ነው። በቀድሞ ቅጂዎች ፕሮግራሙ የሥዕሉን ይዘት ጨምቆ አንድ ረጅም፣ ሰው ሊያነበው የማይችል መስመር አድርጎ ማስቀመጡ የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ አንዲት ፊደል ብትታረም መስመሩ በሙሉ ይለወጣል። ሁለት ሰዎች በየብራንቻቸው ሁለት የማይገናኙ ሳጥኖችን ቢያርሙ እንኳ ጊት የሚያየው አንድ መስመር ሁለት ጊዜ መለወጡን ነው፤ ስለዚህ ኮንፍሊክት መምጣቱ አይቀርም፣ ያንን ኮንፍሊክት በእጅ የሚፈታ ሰው ደግሞ የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ መጨመቁን የሚያጠፋ ምርጫ አለ፤ ነገር ግን አሮጌ ፋይል ሲከፈት ጨመቃው እንዳለ ሊቀጥል ስለሚችል እያንዳንዱን ማየት ያስፈልጋል። ፋይሉን በተራ ጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ `mxCell` የሚል ቃል መኖሩን መፈለግ በቂ ነው። ከሌለ ተጨምቋል።

ሁለተኛው እንቅፋት በምርጫ የሚጠፋ አይደለም። አንድ ሰው ለአዲስ ሳጥን ቦታ ለማመቻቸት ሌሎቹን ትንሽ ወደ ቀኝ ቢገፋ፣ የተገፉት ሁሉ ቁጥራቸው ይለወጣል። ገምጋሚው የሚያየው አርባ የተለወጠ መስመር ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ ቁም ነገር ያለው ምናልባት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰው ደግሞ አርባ መስመር አይመረምርም፤ «ይሁን» ብሎ ያሳልፋል። የቪዚዮ ፋይል እዚህም ላይ አይደርስም። ከ2013 ወዲህ ያለው `.vsdx` በውስጡ ኤክስኤምኤል ቢሆንም ውጪው የታሸገ ዚፕ ስለሆነ፣ ጊት «ፋይሉ ተለውጧል» ከማለት ያለፈ ነገር አይነግረንም።

እስካሁን ባየነው ጽሑፉ አሸናፊ ይመስላል። ብዙ ሰው ንጽጽሩን እዚህ ላይ ይዘጋና መርሜይድን ይጭናል። እኔ ግን ጽሑፉ ራሱ የሚደብቀው ስሕተት ስላለ እሱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ሁለት ዴቨሎፐሮች ከላይ ያለውን ፋይል ይዘው በየራሳቸው ብራንች ላይ ይሠራሉ እንበል። አንደኛዋ የኮዱን ስያሜ ለማስተካከል `pay` የሚለውን መለያ `payment` ትለዋለች። መለያው ያለው በሁለት መስመር ላይ ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ታርማለች፤ ሥዕሉን ስታየው ምንም አልጎደለም። በዚያው ቀን ሌላው፣ ክፍያ ሲፈጸም ለደንበኛው የስልክ መልእክት እንዲላክ ስለተደረገ፣ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል፦

```
  pay --> sms["የስልክ መልእክት"]
```

እሱም ሥዕሉን ያየዋል፤ ትክክል ነው። ከዚያ ሁለቱም ሥራቸውን መርጅ ያደርጋሉ። የእሷ ለውጥ ሦስተኛና አራተኛ መስመር ላይ ነው፤ የእሱ ደግሞ ከስድስተኛው በታች። መካከላቸው ያልተነኩ መስመሮች ስላሉ ጊት ምንም ኮንፍሊክት አያወጣም፤ ሁለቱንም አዋሕዶ ያስቀምጣል። የተዋሐደው ፋይል ግን እንዲህ ነው፦

```
flowchart LR
  app["መተግበሪያ"] --> order["ትእዛዝ"]
  order --> payment["ክፍያ"]
  payment --> bank["ባንክ"]
  order --> stock["ክምችት"]
  stock --> ship["ማድረስ"]
  pay --> sms["የስልክ መልእክት"]
```

አሁን `pay` የሚባል ሳጥን የትም አልታወጀም። መርሜይድ ግን አያጉረመርምም፤ የማያውቀው መለያ ሲያጋጥመው አዲስ ሳጥን ፈጥሮ መለያውን ራሱን ስም አድርጎ ይጽፍበታል። ውጤቱም ከሌላው ሥዕል ተነጥሎ የቆመ `pay` የሚል ሳጥንና ከእሱ ወደ ስልክ መልእክቱ የሚሄድ ቀስት ነው። ክፍያ ከመልእክቱ ጋር ያለው ግንኙነት ከሥዕሉ ጠፍቷል። ሁለቱም ሰዎች ያጠፉት ነገር የለም፤ ጊትም ያጠፋው የለም። ሥዕሉን በራስ ሰር የሚያወጣው `mmdc` ትእዛዝም ያለ ችግር ጨርሶ ይወጣል፤ ስለዚህ «ሥዕሉ ወጣ ወይ?» የሚል ፍተሻ ይህን አይይዝም።

ሳጥኖቻችን ሁሉ በአማርኛ የተሰየሙ መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ በግእዝ ፊደል መካከል የላቲን ቃል የያዘ ሳጥን ብቅ ሲል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በእንግሊዝኛ የተሰየመ ዲያግራም ላይ ግን `pay` የሚለው ሳጥን ከሌሎቹ ስለማይለይ ወራት ሊቆይ ይችላል። ግራፍቪዝም ያልታወጀን ስም ዝም ብሎ ይፈጥራል። በሲሞን ብራውን የተሠራው የስትራክቸራይዘር ቋንቋ ግን ያልታወጀ ስም ሲያገኝ ስሕተት ብሎ ይቆማል። ሃያና ሠላሳ ክፍል ያለው ሥርዓት የሚይዝ ቡድን ይህን ልዩነት ከመልክና ከቀለም በፊት ሊመለከተው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመርሜይድ መቀጠል ለሚፈልግ መውጫ አለ። ሳጥኖችን ሁሉ ከላይ፣ እያንዳንዱን በራሱ መስመር ማወጅ፤ ቀስቶችን ከታች፣ በመለያ ብቻ መጻፍ። ከዚያ ከላይ ያሉትን መለያዎችና ከታች ያሉትን አነጻጽሮ ልዩነት ሲያገኝ መርጁን የሚያስቆም አጭር ስክሪፕት ማዘጋጀት። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፦ ሳጥኑ ላይ የሚታየው ስም ሲለወጥ የማወጃው መስመር ብቻ ይለወጣል፤ የቀስት መስመር አይነካም።

ሁለቱም ሰዎች ከፋይሉ መጨረሻ ላይ የየራሳቸውን መስመር ጨምረው ቢሆን ኖሮ ጊት ኮንፍሊክት ያወጣ ነበር። ይህ ግን ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለቱንም መስመሮች ማቆየትና ጊት ያስገባቸውን ምልክቶች ማጥፋት ነው፤ ምልክቱ ተረስቶ ቢቀር እንኳ መርሜይድ ሥዕሉን አላወጣም ስለሚል ስሕተቱ አይደበቅም።

በማውዝ የሚሣለውስ የሚደብቀው የለም? አለ፤ የእሱ ግን በተቃራኒው በኩል ነው። በድሮው አይኦ ቀስት ሲሣል ጫፉ ሳጥኑን በትክክል ከያዘ፣ ፋይሉ ውስጥ `source` እና `target` ተብሎ የሁለቱ ሳጥኖች ቁጥር ይመዘገባል። ጫፉ ሳጥኑን ሳይይዝ ድንበሩ ላይ ብቻ ከቆመ ግን የሚመዘገበው የአንድ ነጥብ ቦታ ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለቱ አይለዩም፤ ቀስቱ ከክፍያ ወደ ባንክ ሲሄድ ይታያል። ፋይሉ ግን ይህ ቀስት ከማንም ጋር አይገናኝም ይላል። የሚታወቀው ከወራት በኋላ ሌላ ሰው የክፍያን ሳጥን ሲያንቀሳቅሰው ነው፤ ሳጥኑ ሄዶ ቀስቱ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። ያ ሰው ቀስቱ የማን እንደነበር ካላወቀ ወይ ወደ ቅርቡ ሳጥን ያስጠጋዋል፣ ወይ ይሰርዘዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ማንኛውንም ሳጥን ትንሽ መጎተትና ቀስቶቹ አብረው መምጣታቸውን አይቶ `Ctrl+Z` መጫን። አዲስ ሰው የሣለውን ዲያግራም ስንረከብ ይህን በየሳጥኑ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እንግዲህ በጽሑፉ የተደበቀው ስሕተት ሥዕሉ ላይ ይታያል፣ በሥዕሉ የተደበቀው ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ይታያል። የጽሑፍ ዲያግራምን የሚገመግም ሰው የተለወጠውን መስመር ብቻ አንብቦ ማለፍ የለበትም፤ የወጣውን ሥዕልም ማየት አለበት።

የጽሑፉን ሁለተኛ ችግር ተጠቃሚዎች ቶሎ ያገኙታል፦ አንዲት ቀስት ሲጨምሩ ሥዕሉ በሙሉ ቦታ ይቀያየራል። መርሜይድ በተለመደው አሠራሩ ሳጥኖችን በእርከን ይደረድራል። የዘዴው መሠረት ጃፓናዊው ኮዞ ሱጊያማና ባልደረቦቹ በ1981 ያሳተሙት ሥራ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚዞሩ ቀስቶችን ለጊዜው ይገለብጣል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ሳጥን በአንድ እርከን ላይ ይመድባል፤ ከዚያ በየእርከኑ ውስጥ ቀስቶች እርስ በርስ እንዳይቋረጡ ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል፤ በመጨረሻ ቦታ ይሰጣል። ከባዱ ሦስተኛው ደረጃ ነው። መቋረጥን እስከ መጨረሻው የሚቀንሰውን ቅደም ተከተል መፈለግ ሁለት እርከን ብቻ ሲኖር እንኳ በስሌት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ፕሮግራሞቹ «ጥሩ የሚመስል» መልስ አግኝተው ይቆማሉ። አንዲት ቀስት ስትጨመር ጥሩ የሚመስለው መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ከላይ የነበረው ክፍያ ዛሬ ከታች ይገኛል።

ለኮምፒዩተሩ ይህ ምንም አይደለም። ለሰው ግን ነው፤ ቡድኑ ሥዕሉን በቦታ ነው የሚያስታውሰው፤ «ያ በቀኝ በኩል ከላይ ያለው» ይባላል። የጽሑፉን መስመሮች ቅደም ተከተል በመቀያየር ወይም ሳጥኖችን በ`subgraph` በመሰብሰብ አደራደሩን መጎንተል ይቻላል። ዳሩ ግን አንድ ሰው አንድ ሳጥን ትንሽ ወደ ግራ እንዲሄድለት ግማሽ ቀን ካጠፋ፣ የሚፈልገው መሣሪያ ማውዝ ነበር ማለት ነው። የእኔ ልማድ ዲያግራሙ ሃያ ሳጥን ሲያልፍ ለሁለት መክፈል ነው፤ ትንሽ ሥዕል ቢቀያየርም ዓይን አይጠፋበትም።

ቦታው ራሱ ትርጉም ያለው ከሆነ ደግሞ ክርክሩ አያስፈልግም። የሰርቨር ክፍል ውስጥ የትኛው ማሽን በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ወይም የቢሮ ወለል ላይ የኔትወርክ ገመድ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ሥዕል በመርሜይድ አይሠራም። እዚያ ቦታው ነው መረጃው።

አብሮ መሥራትን በተመለከተ ትልቁ ልዩነት ማን ማረም ይችላል የሚለው ነው። ሉሲድቻርትን በመሰሉ መሣሪያዎች አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ሥዕል ላይ ሆነው የእያንዳንዳቸውን ጠቋሚ እያዩ ይሠራሉ። ገና ያልተወሰነ ነገር ላይ ስብሰባ ሲደረግ ከዚህ የሚሻል አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት ቅንፍና ቀስት እየጻፈ «ቆይ ላስተካክለው» የሚል ሰው ሐሳቡን ይገድለዋል። ዲያግራሙ ጊት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋና የማድረሻ አስተባባሪው ከሥራው ውጪ ይሆናሉ፤ ስሕተት ቢያዩም በስልክ ተናግረው ሌላ ሰው እስኪያርምላቸው ይጠብቃሉ። ትእዛዝ በእውነት እንዴት እንደሚስተናገድ የሚያውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

አንድ መካከለኛ መንገድ በስብሰባው ላይ በማውዝ ሣሉና ውሳኔው ሲጸና አንድ ሰው ወደ ጽሑፍ ያዙረው የሚል ነው። በቪዚዮ ፋይል የግድ መቀጠል ያለበት ቡድን ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳያርመው ማገድ ይችላል፦

```
git lfs track "*.vsdx" --lockable
git lfs lock order.vsdx
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ቁልፍ ያልያዘ ሰው ፋይሉን ማንበብ ብቻ እንዲችል ያደርጋል፤ ሁለተኛው ቁልፉን ይወስዳል። ቁልፉን ይዞ ዕረፍት የወጣ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ስለዚህ `--force` ተጠቅሞ የማስለቀቅ ፈቃድ ያለው ሰው አስቀድሞ ይወሰን።

ከዓመታት በኋላስ? በግራፍቪዝ ቋንቋ ድሮ የተጻፈ ፋይል ዛሬም ያለ ብዙ ችግር ይከፈታል፤ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉን ሰው አንብቦ ይረዳዋል። የማይጸናው መልኩ ነው። ፕላንትዩኤምኤል የተለመደውን ቢጫ መልኩን ትቶ ወደ ግራጫ ሲዞር፣ ማንም ያልነካቸው ዲያግራሞች በአንድ ጊዜ መልካቸው ተለወጠ፤ የድሮውን የሚፈልግ `skin rose` ብሎ መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያወጣውን ፕሮግራም ቅጂ ቁጥር ከፋይሉ ጋር መመዝገብ ይገባል።

በማውዝ ለሚሣሉት ዋናው አደጋ የምንጭ ፋይሉ መጥፋት ነው። ሰነዱ ውስጥ የተለጠፈው ፒኤንጂ ይኖራል፤ የተሣለበት ፋይል ግን ሥራ በለቀቀ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቷል። ድሮው አይኦ ለዚህ ጥሩ መላ አለው፦ ምንጩን በፒኤንጂው ወይም በኤስቪጂው ውስጥ ማስቀመጥ። `order.drawio.svg` የተባለ ፋይል በየትኛውም ድረ ገጽ ማሳያ እንደ ሥዕል ይከፈታል፤ በድሮው አይኦ ሲከፈት ደግሞ እንደገና የሚታረም ዲያግራም ይሆናል። ነገር ግን ፒኤንጂውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላከ ሰው የሚያደርሰው ሥዕሉን ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ፎቶን እንደገና ስለሚጨምቅ በውስጡ የተቀመጠው ምንጭ ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ እንዳለ ይደርሳል። ብዙ ቢሮ ሰነድ የሚለዋወጠው በቴሌግራም በመሆኑ ይህ መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። መርሜይድ ብራውዘር ውስጥ ሲሠራ በአንባቢው ማሽን ላይ ባለው ፊደል ስለሚለካ ብዙም አይቸግርም። ግራፍቪዝ ግን ሳጥኑን ምን ያህል እንደሚያሰፋ የሚወስነው እሱ ባለበት ሰርቨር ላይ ባለው ፊደል ነው። ሰርቨሩ ላይ የግእዝ ፊደል ካልተጫነ የሚወጣውን ፒኤንጂ በጽሑፍ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይሞሉታል። ኤስቪጂ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ አንባቢው ዘንድ ይታያል፤ ስፋቱ ግን በሌላ ፊደል ስለተለካ «የስልክ መልእክት» የሚለው ከሳጥኑ ወጥቶ ይፈስሳል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን የመሰለ ፊደል ሰርቨሩ ላይ ጭኖ በዲያግራሙ ውስጥ `fontname` ብሎ መጥራት ሁለቱንም ያስተካክላል፤ አንባቢዎቹም ያንኑ ፊደል እንዲያገኙ ማድረግ ግን ያስፈልጋል።

ለዓመታት በቪዚዮ የተሣሉ በርካታ ዲያግራሞችን የወረሰ ቡድን ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ላዙር ቢል ይደክማል። የጊትን ወይም የፋይሉን ቀን ማየት ይበልጣል። ሁለት ዓመት ያልተነካው ምንጩ ከፒዲኤፍ ቅጂ ጋር ባለበት ይቀመጥ። የወለልና የመደርደሪያ ሥዕሎች አይነኩ። በዚህ ዓመት ሦስት አራት ጊዜ የታረሙት ግን ይዙሩ፤ ሲዞሩም እያንዳንዱ ቀስት ከኮዱ ጋር ይመሳከር፤ ማንም ሊያስረዳው የማይችል ቀስት ይገኛልና። የዞረው በተዋሐደበት ቀን አሮጌው ፋይል ስሙ ላይ «ተተክቷል» ተብሎ ይጻፍበት፤ ሰነዶች ውስጥ የተለጠፈው ሥዕልም በአዲሱ አድራሻ ይተካ።